ጥያቄና መልስ፦ ፊፎ ወይስ አማካይ? በስቶክ ላይ ያላችሁን ጠይቁ

ጎማ አስመጪ፦ ጋሼ፣ ብሩ ከተንሳፈፈ ወዲህ ትርፋችን በወረቀት ላይ በጣም ጨመረ፤ ካዝናው ውስጥ ግን ያን ያህል ብር የለም። የምንሠራው በፊፎ፣ ማለትም ቀድሞ የገባው ዋጋ ቀድሞ ይወጣል በሚለው ዘዴ ነው። ሒሳብ ሠራተኛው ተሳስቶ ይሆን?

መላሽ፦ ስህተት ላይሆን ይችላል። ከሐምሌ 2016 በፊት የገባ 100 ጎማ ነበረህ እንበል፣ አንዱ 6,000 ብር። ከዚያ ወዲህ ሌላ 100 በ10,000 ብር አስገባህ። ከሁለቱ 120 ጎማ በ12,000 ብር ሸጥክ፤ ሽያጭህ 1,440,000 ብር ነው።

በፊፎ አሮጌው 100 ቀድሞ ይወጣል፣ ከአዲሱ ደግሞ 20። የተሸጠው ዕቃ ዋጋ 800,000፣ ያልተጣራው ትርፍ 640,000 ይሆናል። በአማካይ ግን የ200ው ጎማ ዋጋ 1,600,000 ስለሆነ አንዱ 8,000 ይደርሳል፤ የተሸጠው 960,000፣ ትርፉ 480,000 ነው።

አሁን ካዝናህን ተመልከት። 1,440,000 ገባ፣ ለአዲሱ ጎማ 1,000,000 ወጣ፣ የቀረው 440,000 ነው። በየትኛውም ዘዴ ብትሠራ ይህ ቁጥር አይለወጥም። በፊፎ ከዚህ በላይ ያለው 200,000 ትርፍ መጋዘን ውስጥ ጎማ ሆኖ ተቀምጧል፤ ስቶክህ ከ600,000 ወደ 800,000 አድጓልና። ስለዚህ ትርፍ ከማከፋፈልህ በፊት የሚቀጥለውን ግዢ የምትከፍልበት ብር መኖሩን አረጋግጥ።

ነጋዴ ከአዳማ፦ እንግዲያው አማካይ ይሻላል፤ ግብር ይቀንሳል።

መላሽ፦ ግማሹ ልክ ነው። የ160,000 ልዩነት በ30 በመቶ ሲሰላ 48,000 ብር ግብር ነው። ግን ይዘገያል እንጂ አይቀርም። የቀሩትን 80 ጎማዎች በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሳትገዛ ብትሸጥ፣ በፊፎ ወጪህ 800,000፣ በአማካይ 640,000 ነው። ያው 160,000 በተቃራኒው ይመለሳል። ዋጋ ከወረደ ደግሞ ፊፎ ነው ዝቅተኛ ትርፍ የሚያሳየው።

ፋርማሲ፦ እኛ ቀነ ገደቡ የቀረበውን መድኃኒት ነው ቀድመን የምናወጣው። ፊፎ ልንጠቀም አንችልም ማለት ነው?

መላሽ፦ ትችላላችሁ። መደርደሪያው ሌላ፣ ስሌቱ ሌላ።

ጀማሪ ሒሳብ፦ የሒሳብ ሶፍትዌራችን ፒችትሪ ያወጣው አማካይና እኔ በኤክሴል ያወጣሁት አይገጥሙም። የትኛው ልክ ነው?

መላሽ፦ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። አንተ የዓመቱን በአንድ ላይ ደምረህ አካፍለሃል፣ ሲስተሙ ግን በየግዢው እንደገና ያሰላል። ከላይ ካሉት ጎማዎች 60ው ከአዲሱ ግዢ በፊት ተሸጠዋል እንበል። እነሱ በ6,000 ይወጣሉ። የቀሩት 40 ከአዲሱ 100 ጋር ሲደመሩ 1,240,000 ለ140፣ አንዱ ወደ 8,857 ብር ይመጣል። ሌላውን 60 በዚህ ዋጋ ስታወጣ የተሸጠው በጠቅላላ ወደ 891,429 ይሆናል እንጂ 960,000 አይሆንም። ፊፎ ግን በሁለቱም መንገድ 800,000 ነው።

ዋናው ማስጠንቀቂያ፦ ግዢው ሳይገባ ሽያጭ አትመዝግቡ። ስቶኩ ከዜሮ በታች ከወረደ አማካዩ ይበላሻል።

ጎማ አስመጪ፦ የጉምሩክ ወጪው ከዕቃው በኋላ ነው የሚደርሰን። ምን እናድርግ?

መላሽ፦ ቀረጥና ማጓጓዣውን በግምት አስገቡና ሰነዱ ሲመጣ አስተካክሉ፤ የተሸጠው ክፍል ድርሻ ወደ ተሸጠ ዕቃ ወጪ ይሂድ። የምታካክሱት ተጨማሪ እሴት ታክስና በጉምሩክ የተከፈለው ቅድመ ግብር ግን የጎማው ዋጋ ውስጥ አይገቡም።

ሰላም፦ የትኛው ዘዴ ይሻላል?

መላሽ፦ ለምን ዓይነት ዕቃ? ከላይ ያለውን ሳታነቡ አትጠይቁ።

ኦዲት ላይ ያለሁ፦ ዘንድሮ ፊፎ፣ ከርሞ አማካይ የሚሉ አሉ። በዓለም አቀፉ የሒሳብ ስታንዳርድ በአይኤፍአርኤስ፣ ዘዴ የሚለወጠው አዲሱ ይበልጥ ጠቃሚ መረጃ ሲሰጥ ነው፤ የቀደመው ዓመት ቁጥርም እንደገና ይሠራል። ግብር ለመቀነስ ብቻ አይሆንም።

ነጋዴ ከአዳማ፦ ዋጋው በየሳምንቱ ሲቀያየር አማካይ ይበልጥ ጠቃሚ ነው ቢባልስ?

ኦዲት ላይ ያለሁ፦ እኔ አልቀበልም። የመጨረሻው ስቶክ ለወቅቱ ዋጋ የሚቀርበው በፊፎ ነው።

መላሽ፦ እዚህ ላይ ከወንድሜ እለያለሁ፤ ጥሩ ማስረጃ ያቀረበ ሊያሳምን ይችላል። መጨረሻ የገባው ቀድሞ ይወጣል የሚለውን ሊፎን ግን አታምጡ፣ ስታንዳርዱ ከከለከለው ቆይቷል።

ጀማሪ ሒሳብ፦ አማካዩ መበላሸቱን በምን አውቃለሁ?

መላሽ፦ የአንዱን ዕቃ አማካይ ከመነሻ ስቶኩና ከግዢዎቹ ዋጋዎች ጋር አወዳድር። ከዝቅተኛው በታች ወይም ከከፍተኛው በላይ ከሆነ ተበላሽቷል። ብዛቱ ዜሮ ሆኖ ብር የቀረበት ዕቃም እንዲሁ። ያኔ የስቶክ ካርዱን በቀን ቅደም ተከተል ይዘህ መጀመሪያ ከዜሮ በታች የወረደበትን ቀን ፈልግ። ደግሜ እላለሁ፣ ግዢው ሳይገባ ሽያጭ አትመዝግቡ።