እቁቡ ቀድሞ ለወጣላችሁ፣ አክሲዮን ከመግዛታችሁ በፊት

«እቁቡን ትቼ አክሲዮን ብገዛ ይሻለኛል?» የሚለውን ጥያቄ እዚህ አሜሪካ ካሉ ወገኖቼ ደጋግሜ እሰማለሁ። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ተራችሁ ስንተኛ እንደሆነ ነው።

አስር ሰው በወር 500 ዶላር የሚጥልበትን እቁብ እንውሰድ። በየወሩ አንዱ 5,000 ይወስዳል። በመጀመሪያው ወር የወጣለት ሰው የጣለው 500 ብቻ ስለሆነ፣ 4,500ው ወለድ የሌለው ብድር ነው። መጨረሻ የደረሰው ደግሞ አበዳሪ ሆኖ ይከርምና የራሱን 5,000 ሳይጨመርበት ይረከባል። በዓመት 4 በመቶ በሚከፍል የቁጠባ ሂሳብ ቢያስቀምጠው ኖሮ 75 ዶላር ገደማ ያገኝ ነበር። ይህ ለእኔ ብዙ አይደለም። ዳኛና ጸሐፊ እየጠበቁት ካልሆነ በቀር በየወሩ 500 የማያስቀምጥ ሰው ሞልቷል።

የሚያሳስበኝ ቀድሞ የደረሰው ነው። በሁለተኛው ወር ወጣላችሁ እንበል። 1,000 ጥላችሁ 5,000 ተቀበላችሁ፣ ሙሉውንም አክሲዮን ገዛችሁበት። ቀሪው ዕዳ ስምንት ወር በ500፣ ማለትም 4,000 ዶላር ነው። ገበያው 20 በመቶ ቢወርድ በእጃችሁ ያለው 4,000 ይሆናል። በዚያው ሰሞን ከሥራ ከወጣችሁ ሁሉንም ሸጣችሁ ለእቁቡ ትከፍላላችሁ፤ የራሳችሁ 1,000 ጠፋ ማለት ነው። ካልከፈላችሁ ደግሞ የሚጠየቀው ዋሳችሁ ነው፣ ብዙ ጊዜ የአክስት ልጅ ወይም የሥራ ባልደረባ። በብድር አክሲዮን መግዛት ማለት ይኸው ነው፤ ወለድ የለውም ተብሎ ብድርነቱ አይቀርም።

20 በመቶ ደግሞ የተጋነነ ቁጥር አይደለም። በ2008 የአሜሪካ ትልልቅ ኩባንያዎች አክሲዮን በአንድ ዓመት ውስጥ ከሲሶ በላይ ዋጋውን አጥቷል። ታግሶ የጠበቀ ሰው ከዓመታት በኋላ አገግሟል፤ በየወሩ የሚጥለው ዕዳ ያለበት ግን ለመታገስ አቅም የለውም።

ስለዚህ ቀድሞ ከደረሳችሁ ገንዘቡን መጀመሪያም ለፈለጋችሁበት ጉዳይ አውሉት፤ ከባድ ወለድ የሚበላችሁ የክሬዲት ካርድ ዕዳ ካለ እሱን ዝጉበት። ከመጨረሻዎቹ አንዱ ከሆናችሁና ገንዘቡን ለአምስት ዓመትና ከዚያ በላይ የማትነኩት ከሆነ ግን ገበያ መግባት ትችላላችሁ። ያኔ የአንድ ኩባንያ አክሲዮን ከመምረጥ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኩባንያዎችን በአንዴ የያዘ ኢንዴክስ ፈንድ ይሻላል። ስትገዙ ዓመታዊ ክፍያውን ተመልከቱ። 0.03 በመቶ የሚጠይቅ ፈንድ ከ10,000 ዶላር ላይ በዓመት 3 ዶላር ይወስዳል፤ 1 በመቶ የሚጠይቀው ደግሞ 100 ዶላር፣ ያውም ገበያው በወረደበት ዓመት ጭምር።