ሁለቱን አድማጮች የሚለያቸው የአራዳ ቃል አይደለም

ጥያቄ፦ በስክሪፕት ጸሐፊነት ለመቀጠር አመልክቼ የመፈተኛ ሥራ ተሰጥቶኛል። ስለ አካውንት ስርቆት የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ስክሪፕት በሁለት መልክ እንዳዘጋጅ ታዝዣለሁ፤ አንዱ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 17 ለሆኑ ወጣቶች፣ ሌላው በሂሳብ ክፍል ብዙ ዓመት ለሠሩ ባለሙያዎች ነው። መጀመሪያ የባለሙያዎቹን ጻፍኩ፤ ከዚያ ቃላቱን በአራዳ ቃላት እየተካሁ የወጣቶቹን ሠራሁ። ሳነበው ግን እኔኑ አሳፈረኝ። ምን ላስተካክል?

መልስ፦ ጆሮዎ አላታለለዎትም። የወጣቶቹ ጽሑፍ ያሳፈረዎት የቃላት ምርጫዎ ደካማ ስለሆነ ሳይሆን፣ ለባለሙያ ታስቦ በተሠራ ዓረፍተ ነገር ላይ የወጣት ቃል ስለተንጠለጠለበት ነው። ስለዚህ ቃላቱን ለጊዜው ይተዉአቸውና ከእነርሱ በፊት ሊወሰን ይገባው ከነበረው ነገር ይጀምሩ፤ እርሱም እያንዳንዱ አድማጭ በዚህ ስርቆት የሚያጣው ምን እንደሆነ ነው።

አንዲት የ16 ዓመት ልጅ አካውንቷን የምታጣበት አንዱ የተለመደ መንገድ ይህ ነው። ከቅርብ ጓደኛዋ አካውንት መልእክት ይደርሳታል፤ ጓደኛዋ በአንድ ውድድር ላይ ድምፅ እየሰበሰበች እንደሆነና ለዚህም በስልኳ የሚመጣላትን ኮድ እንድትልክላት ይጠይቃታል። መልእክቱን የጻፈው የጓደኛዋን አካውንት አስቀድሞ የያዘ ሌባ ነው፤ የሚመጣው ኮድም የልጅቷን የራሷን አካውንት በሌላ ስልክ ለመክፈት የሚያገለግል ኮድ ነው። ከላከችው በኋላ የምታጣው ፎቶዎቿን፣ ከጓደኞቿ ጋር የተጻጻፈችውንና ከሁሉም በላይ ስሟን ነው፤ ምክንያቱም ያው መልእክት በእርሷ ስም ለምታውቃቸው ሁሉ ይላካል። የሂሳብ ባለሙያው ታሪክ ሌላ ነው። እርሱ የሚደርሰው ለዓመታት ክፍያ ሲፈጽምለት የቆየ አቅራቢ የባንክ ሂሳብ ቁጥሩን እንደቀየረ የሚገልጽ ኢሜይል ነው። አንዳንድ ጊዜ የላኪው አድራሻ በአንድ ፊደል ብቻ ከእውነተኛው ይለያል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ኢሜይሉ የመጣው ከእውነተኛው፣ ነገር ግን ከተጠለፈው የአቅራቢው የኢሜይል ሳጥን ስለሆነ አድራሻውን መመርመር ብቻውን አያድንም። የሚጠፋው የድርጅቱ ገንዘብ ነው፤ ትዕዛዙን የፈረመው ግን ባለሙያው ነው።

እንግዲህ በእጅዎ ያለው አንድ ታሪክ በሁለት ልብስ ሳይሆን ሁለት ታሪክ ነው። ይህን ከተቀበሉ የቃሉም የድምፁም ጉዳይ ግማሽ መንገድ ተጉዟል። ለወጣቷ የማረጋገጫ ኮድ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ከእርስዎም ከእኔም የበለጠ ደጋግማ ተጠቅማበታለች። ለባለሙያው ደግሞ የክፍያ መጠየቂያ እንዴት እንደሚመረመር መንገር ድፍረት ይሆናል። ማስረዳት የሚያሻው እያንዳንዳቸው የማይጠረጥሩት ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ ለእርሷ የጓደኛዋ ስም ያለበት መልእክት ከጓደኛዋ ላይሆን እንደሚችል፣ ለእርሱ ደግሞ ትክክለኛው አድራሻ ራሱ ሊዋሽ እንደሚችል። ዕድሜ የዕውቀት መለኪያ አይደለም የሚባለው በዚህ ሥራ ላይ ሲመጣ እንዲህ ያለ ተግባራዊ ትርጉም አለው።

አሁን ወደ ዓረፍተ ነገሩ እንሂድ። ለባለሙያ የተጻፈው የመጀመሪያው ጽሑፍ «ተጠቃሚዎች የማረጋገጫ ኮዳቸውን ለሦስተኛ ወገን አሳልፈው ከመስጠት ሊቆጠቡ ይገባል» የሚል ነው እንበል። በአራዳ ቃል ሲተካ «ጀለስ፣ ኮድህን ለማንም እንዳትሰጥ፣ ትሸወዳለህ!» ይሆናል። ቃሉ ተለወጠ እንጂ የንግግሩ መሠረት አልተለወጠም፤ አሁንም አንድ ትልቅ ሰው ቆሞ ያዛል፣ አሁን ደግሞ እኩያ መስሎ። ያሳፈረዎት ይኸው ማስመሰል ነው። እኔ ብሆን ትእዛዙን ጨርሶ አውጥቼ እንዲህ እጽፈዋለሁ፦

ምስል፦ የስልክ ማያ። ከጓደኛዋ ስም ሥር መልእክት ይታያል፦ «ኮድ ይመጣልሻል፣ ቶሎ ላኪልኝ!»
ተራኪ፦ ኮዱ መጣ። ከሥሩ አንድ መስመር ነበረ፤ አላነበበችውም።
ምስል፦ መስመሩ ጎልቶ ይወጣል፦ «ይህን ኮድ ለማንም አይስጡ።»
ተራኪ፦ ላከችው። ወዲያው ከገዛ አካውንቷ ወጣች። ቀጥሎ ያው መልእክት ለጓደኞቿ ሁሉ ደረሰ። ላኪዋ እርሷ ነበረች።

እዚህ ውስጥ አንድም የአራዳ ቃል የለም፤ ይሁን እንጂ የወጣት ጽሑፍ ነው። ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር የሆኑት ወጣት ረጅም ነገር አይገባውም ከሚል ግምት ሳይሆን ክስተቱ ፈጣን ስለሆነና ምስሉ ግማሹን ስለሚናገር ነው። ለባለሙያው ግን ረዘም ያለ ዓረፍተ ነገር ይጠቅማል፤ ሥራው ራሱ ቅድመ ሁኔታና ቅደም ተከተል ያለበት ስለሆነ እንዲህ ሊባል ይችላል፦ «አንድ አቅራቢ የሂሳብ ቁጥሩን መቀየሩን በኢሜይል ሲያሳውቅዎት፣ ክፍያውን ከመፈጸምዎ በፊት፣ በኢሜይሉ ላይ በተጻፈው ሳይሆን ቀድሞ በፋይልዎ ውስጥ በነበረው ስልክ ቁጥር ደውለው ያረጋግጡ።» በኢሜይሉ ላይ ያለው ስልክ የሌባው ሊሆን ስለሚችል ከሁሉ የሚከብደው «ቀድሞ በፋይልዎ ውስጥ በነበረው» የሚለው ሐረግ ነው፤ ተራኪው እዚያ ላይ ድምፁን እንዲያዘገይ በስክሪፕቱ ላይ ምልክት ያድርጉበት።

በአማርኛ ስንጽፍ ከቃላት ምርጫ የበለጠ የሚያሰናክለን አጠራሩ ነው። ለወጣቶች በነጠላ ከጻፉ ግሱ ጾታ ያስመርጥዎታል፤ «አንተ» ካሉ ከተመልካቹ ግማሽ ያህሉ ከበር ውጭ ይቀራል። በወረቀት ላይ በእዝባር «ላክ/ላኪ» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ተራኪ ግን እዝባርን አያነብም። «እናንተ» ጾታን ይሸፍናል፤ ነገር ግን በትእዛዝ ግሶች ሲደረደር የክፍል ውስጥ ንግግር ይመስላል። ከላይ ታሪኩን በሦስተኛ መደብ የጻፍኩት በዚህም ምክንያት ነው፤ ትእዛዝ የግድ ካስፈለገ በመጨረሻው ላይ በ«እናንተ» አንድ ጊዜ ብቻ ይበቃል።

ለባለሙያው «እርስዎ» ተገቢ ነው፤ እርሱም የራሱ ወጥመድ አለው። የአክብሮቱ ግስ ከብዙ ቁጥር ሦስተኛ መደብ ጋር በመልክ አንድ ነው። «ኢሜይሉን ይከፍታሉ፤ ቁጥሩን ይቀይራሉ» ሲባል የሚከፍቱት እርስዎ ናቸው ወይስ ሌቦቹ? አንባቢ ወደ ኋላ ተመልሶ ማየት ይችላል፤ አድማጭ ግን ይህ ዕድል የለውም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በባለሙያው ስክሪፕት ውስጥ ሌባው ሁልጊዜ ነጠላ ይሁን፣ «ይቀይራል፣ ይልካል» ይባል፤ የብዙ ቁጥሩ ግስም ለአድማጩ ብቻ ይቀመጥ። ጽፈው ሲጨርሱ የግሶቹን መድረሻ ብቻ እያሰመሩ አንድ ጊዜ ያንብቡት። «እርስዎ» ብሎ ጀምሮ መሐል ላይ ሳያውቅ ወደ «እናንተ» የሚዞር ስክሪፕት በእጄ ገብቶ የሚያውቀው አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ አይደለም።

ስለ ሙያ ቃላት የምለው አጭር ነው። ብዙ ጀማሪዎች ለባለሙያ ሲጽፉ «ሊንክ»ን «ማስፈንጠሪያ»፣ «ፓስወርድ»ን «የይለፍ ቃል» ማድረግ ክብር መስጠት ይመስላቸዋል። በጽሑፍ ላይ ጥሩ ቃላት ናቸው፤ ነገር ግን ተመልካቹ አንድ ነገር እንዲጫን ወይም እንዲከፍት ከፈለጉ በማያው ላይ ተጽፎ የሚያየውን ቃል ይጠቀሙ፣ አለዚያ ሲፈልግ ይቆያል። ይህ ለሁለቱም ስክሪፕት ይሠራል። የአራዳ ቃልን በተመለከተ ደግሞ የራሴን ስህተት ልንገርዎ። ከዓመታት በፊት ለወጣቶች በጻፍኩት ስክሪፕት ውስጥ በወቅቱ የተወደደ የመሰለኝን ቃል በተራኪው አፍ ላይ አኖርኩት። ጽሑፉ ተቀድቶ ለሙከራ እስኪታይ ወራት አለፉ፤ ከተመልካቾቹ አንዱ ልጅ «ይህን ቃል የሚለው አባቴ ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ቃል ከተጠቀምኩ በወጣት ገጸ ባሕርይ አፍ ብቻ፣ ያውም ከራሳቸው ከወጣቶቹ ሰምቼ ነው።

ድምፀቱ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን ብዙ ሰው ችላ ይለዋል። ሁለቱም ተመልካቾች ከተታለሉ በኋላ የሚያፍሩ ናቸው። ባለሙያው «ቸልተኛ ሠራተኛ» የሚል ቃና ከሰማ ስህተቱን መደበቅ ይቀናዋል፤ ገንዘቡን የማስመለስ ዕድሉ ግን ለባንኩ ወዲያውኑ በማሳወቁ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ወጣቷም «እንዴት እንዲህ ትሞኛለች» በሚል ቀልድ ከተሳቀባት ለጓደኞቿ ሳትነግር ትቀራለች፤ በዚህ መሐል ሌባው በስሟ መጻፉን ይቀጥላል። ስለዚህ ቀልድ ካስፈለገ ሌባው ላይ ይሁን፤ በሁለቱም ስክሪፕት ውስጥ «ከሆነብኝስ ምን ላድርግ» ለሚለው ጥያቄ ቢያንስ አሥራ አምስት ሰከንድ ይተዉለት።

ከማስረከብዎ በፊት ሁለቱንም ጮክ ብለው በሰዓት ያንብቧቸው። በአክብሮት ግስ የተጻፈው ከሁለት ደቂቃ ማለፉ አይቀርም፤ ሲያልፍ ፍጥነት አይጨምሩ፣ አንድ ሐሳብ ይቀንሱ። ከዚያ ከየወገኑ ሦስት ሰው ፈልገው አንድ ጊዜ ብቻ ያንብቡላቸውና የሰሙትን መልሰው እንዲነግሩዎት ይጠይቁ። «ወደዳችሁት?» ብለው አይጠይቁ፤ ሰው ለጸሐፊው ይራራል። ወጣቷ የልጅቷን ታሪክ በራሷ ቃል ከደገመችልዎ ሠርቷል፤ «አዎ፣ ጥንቃቄ አድርጉ ነው የሚለው» ብቻ ካለች አልሠራም። ባለሙያው «ታዲያ በየትኛው ስልክ ነው የምደውለው?» ብሎ ከጠየቀዎት ዋናው ሐረግ አምልጦታል፤ «ይህንንማ አውቃለሁ» ካለ ደግሞ መግቢያው የሚያውቀውን ሲነግረው ቆይቷል።

ቀጣሪውንም ቪዲዮዎቹ የት እንደሚታዩ አሁኑኑ ይጠይቁት። የወጣቶቹ በስልክ ላይ ያለ ድምፅ የሚታይ ከሆነ የተራኪው ዋና ዋና ቃላት በማያ ላይ መጻፍ አለባቸው፤ የባለሙያዎቹ በስብሰባ ላይ ከታየ ተናጋሪው አለቃ ሳይሆን የሥራ ባልደረባ ቢሆን ይመረጣል። ሲያስረክቡ ከእያንዳንዱ ስክሪፕት ጋር ከግማሽ ገጽ ያልበለጠ ማስታወሻ ያያይዙ፤ በዚያም ውስጥ ታሪኩን ለምን እንደለወጡት፣ አጠራሩን ለምን እንደመረጡና በሙከራው ምን እንዳስተካከሉ ይግለጹ። በዚህ ዓይነት ፈተና ላይ ገምጋሚ ሆኜ ስቀመጥ ከስክሪፕቱ በፊት የማነበው ይህንኑ ነው።

የባለሙያዎቹን ጽሑፍ ባለበት ማሻሻል ይቻላል። የወጣቶቹን ግን ይዝጉትና በባዶ ገጽ ላይ፣ ከመጀመሪያው የስልክ መልእክት ይጀምሩ።