የወለቀ ብሎን ፎቶ ሲያዩት፦ ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት ከደሴና ከኮምቦልቻ የመጡት ጥያቄዎች ሁሉም ከፎቶ ጋር ናቸው። ደስ ብሎኛል። ጥርት ያለ ፎቶ ብዙ ነገር ይናገራል።

«ደሴ አናጺ ነኝ። የቁም ሳጥን ማጠፊያ ስፈታ ካቻቢቴው እየዘለለ የብሎኑን መስቀል ይበላብኛል። ካቻቢቴው ገና አዲስ ነው።»

የብሎኑን ፎቶ አጉልተው መሃሉን ይዩት። ከመስቀሉ አራት ክንፎች በተጨማሪ፣ በክንፎቹ መካከል አራት ቀጫጭን ጭረቶች አሉ። ይህ ፖዚድራይቭ ይባላል። ጭረት የሌለው የተለመደው መስቀል ፊሊፕስ ነው። የእርስዎ ካቻቢቴ ላይ ደግሞ ፒ እና ኤች የሚሉት የፈረንጅ ፊደላት ተቀርጸዋል፤ ይህም የፊሊፕስ ነው ማለት ነው።

ሁለቱ አይገጥሙም። የፊሊፕስ ጫፍ ወደ ታች እየሾለ ይሄዳል፤ የፖዚድራይቭ ጎድጓዳ ግን ግድግዳው ቀጥ ያለ ነው። ስለዚህ ካቻቢቴው የገባ ይመስላል እንጂ ውስጥ ይወዛወዛል። ሲጫኑት ይዘላል፤ በዘለለ ቁጥር መስቀሉን ይበላዋል። ሱቅ ሲሄዱ ፒ እና ዜድ ከ2 ቁጥር ጋር የተጻፈበትን ይጠይቁ። ለማጠፊያ ብሎኖች አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው እሱ ነው።

ጭረቶቹ ፎቶ ላይ ካልታዩዎት ብርሃኑን ከጎን ያብሩ። የስልኩ ፍላሽ ፊት ለፊት ሲመታቸው ይጠፋሉ። ጎድጓዳው ውስጥ ቀለም ካለም በመርፌ ጫፍ ይጥረጉት።

«ኮምቦልቻ ወፍጮ ቤት ነው የምሠራው። የወለቀው ብሎን ውፍረቱ 8 ሚሊ ገደማ ነው። አሥር ጥርስ ቆጥሬ ስለካ ከ12 ሚሊ ተኩል ትንሽ በለጠ። ኤም 8 ነው ብዬ ዳዶ ገዛሁ፤ ሁለት ዙር ገብቶ ይነክሳል። ዳዶው ፎርጅድ ነው?»

ዳዶው ምንም ጥፋት የለበትም፤ ስህተቱ ያለው ቆጠራው ላይ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

ፎቶህ ላይ ከመጀመሪያው ጥርስ ጫፍ እስከ አሥረኛው ጥርስ ጫፍ 12.7 ሚሊ ነው። ግን አሥር ጫፍ መካከል ያለው ክፍተት ዘጠኝ ብቻ ነው፤ አሥር ጣት መካከል ዘጠኝ ክፍተት እንደሚኖረው ማለት ነው። 12.7ን ለ10 ብታካፍለው 1.27 ይመጣል፤ የተለመደው ኤም 8 ደግሞ 1.25 ስለሆነ ልክ ያገኘኸው መሰለህ። ለ9 ስታካፍለው ግን 1.41 ነው። ኤም 8 ቢሆን ኖሮ ዘጠኙ ክፍተት 11.25 ሚሊ ብቻ ነበር የሚይዘው።

1.41 የኢንች ብሎን ነው። 5/16 ኢንች የሆነው ሰፊ ጥርስ ያለው ብሎን በአንድ ኢንች ውስጥ 18 ጥርስ አለው፤ 25.4 ሚሊን ለ18 ስታካፍል 1.41 ይሰጥሃል። ውፍረቱ 7.94 ሚሊ ስለሆነ ከኤም 8 በፎቶ ቀርቶ በእጅም አይለይም። የሚለየው የጥርሱ ክፍተት ነው። ሌላም ምስክር አለ፤ የብሎኑ ራስ ላይ ሦስት መስመሮች ተቀርጸዋል፣ ቁጥር ግን የለም። ይህ የኢንች ብሎኖች የጥንካሬ ምልክት ነው። በሚሊ የሚለካ ጠንካራ ብሎን ቢሆን 8.8 ወይም 10.9 የሚል ቁጥር ታይ ነበር።

ዳዶውን በቁልፍ አታስገድደው፤ የብሎኑንም ጥርስ ይልጠዋል። 5/16፣ 18 ጥርስ ብለህ ጠይቅ።

ፎቶ የምትልኩ ሌሎችም አንድ ነገር አደራ። ማስመሪያው ከብሎኑ ሥር ከተኛ ብሎኑ ለካሜራው ስለሚቀርብ ከእውነቱ ይተልቃል። ማስመሪያውን ከፍ አድርጋችሁ ከብሎኑ ወገብ እኩል አስተካክሉት፤ ግማሽ ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ በዙም አንሱ።

«ጋሼ፣ ሁለቱም ብሎኖች ጥቁር ናቸው። የትኛው ነው ለቆርቆሮ?»

ጫፉ እንደ መሰርሰሪያ የተቆረጠው። እሱ ራሱ ቀዳዳውን ይበሳል። ጫፉ እንደ መርፌ የሾለው፣ ጥርሱ የተራራቀውና ራሱ እንደ ጥሩምባ የሚሰፋው ጂፕሰምን እንጨት ላይ ለመምታት ነው። ይህን ሁለተኛውን ከባድ ነገር አትስቀልበት። ጠንካራ ቢሆንም አይተጣጠፍም፣ ድንገት ይሰበራል።

«የልጄ ሳይክል ፔዳል ወለቀ። ፎቶው ላይ ጥርሱ ወደ ተቃራኒው ያዘነበለ ይመስለኛል። ተበላሽቶ ነው?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ፎቶው ላይ የማስመሪያውን ቁጥሮች አየሁ። ተገልብጠው ቢሆን ኖሮ የፊት ካሜራው ምስሉን እንደ መስታወት ገልብጦታል እልሽ ነበር። ቁጥሮቹ ግን ደህና ይነበባሉ፤ ስለዚህ ጥርሱ እውነትም ግራ ነው። ብሎንን ቀጥ አድርገሽ ስታቆሚው ጥርሱ ወደ ቀኝ ከፍ እያለ ከሄደ የተለመደው ነው፤ ወደ ግራ ከፍ ካለ የግራ ጥርስ ነው።

አልተበላሸም። የሳይክል የግራ ፔዳል ከፋብሪካው የሚወጣው በግራ ጥርስ ነው፤ ሲነዱት እየተፈታ እንዳይወጣ ነው እንዲህ የተደረገው። ከግራው ክንድ ላይ ግጠሚው፤ በእጅሽ ወደ ግራ፣ ማለትም በሰዓት ዘንግ ተቃራኒ አዙሪው። ሁለት ሦስት ዙር በእጅ ሳይገባ ቁልፍ አትንኪ።