ክፍያ ሁለት ጊዜ ከቆረጥን በኋላ ይቅርታ ብንጠይቅ ያስከስሰናል?

ጥያቄ፦ «በየወሩ ከደንበኞች ካርድ ላይ ክፍያ የሚቆርጥ አነስተኛ የኦንላይን አገልግሎት አለን። በዚህ ወር 340 ደንበኞች ላይ ክፍያው ሁለት ጊዜ ተቆረጠ። ስህተቱ ከእኛ እንደሆነ አረጋግጠናል። እኔ ቶሎ ብዬ የይቅርታ ኢሜይል መላክ እፈልጋለሁ። ሸሪኬ ግን ‹ይቅርታ ካልን አመንን ማለት ነው፣ ይከሱናል› ብሎ ከለከለኝ። አንዲት ደንበኛ ደግሞ በዚህ ምክንያት የቤት ኪራይ ክፍያዋ ከባንክ እንደተመለሰና እንደተቀጣች ጽፋልናለች። ምን ብዬ ልጻፍ?»

መልስ፦ ኢሜይሉን ይላኩት፤ ባይዘገይ ይሻላል። ሸሪክዎ የፈሩት ነገር አለ፤ ፍርሃታቸውም ከንቱ አይደለም። ነገር ግን አደጋው ያለው «ይቅርታ» የሚለው ቃል ላይ አይደለም። አደጋው ከይቅርታው ቀጥሎ፣ ደንበኛን ለማስደሰት ሲባል ሳይታሰብባቸው የሚጻፉት ዓረፍተ ነገሮች ላይ ነው።

ሁለት ነገሮችን ለይተን እንይ። «ካርድዎ ላይ ሁለት ጊዜ ቆርጠናል» ማለት የሆነውን መናገር ነው። ይህን ደንበኛው የባንክ ሒሳቡን ከፍቶ ያየዋል። ባይናገሩትም ማስረጃው በእጁ ነው። «ውላችንን ጥሰናል»፣ «በቸልተኝነታችን ጎድተንዎታል»፣ «ለደረሰብዎ ጉዳት ሁሉ ተጠያቂ ነን» ማለት ግን ሌላ ነው። እነዚህ የሕግ ድምዳሜዎች ናቸው። ውል ተጥሷል ወይ፣ ቸልተኝነት ነበር ወይ፣ የቱ ጉዳት በእርስዎ ላይ ይወድቃል የሚለው በውሉ ቃልና በማስረጃ የሚወሰን ነው። ስለዚህ የሆነውን በግልጽ ይናገሩ፣ ገንዘቡን ይመልሱ፣ የሕግ ድምዳሜውን ግን አይጻፉ።

ገንዘቡን መመለስ በራሱ ዕዳ ማመን ይመስልብናል ብለው ከሆነም አይጨነቁ። የማይገባውን ገንዘብ የተቀበለ ሰው መመለስ አለበት የሚለው መርሕ በአብዛኞቹ የሕግ ሥርዓቶች ውስጥ አለ። ለዚያ ጥፋት መኖሩ እንኳ አያስፈልግም። ሁለተኛው ክፍያ ይቅርታ ቢሉም ባይሉም የደንበኛው ነው። በመመለስዎ የሚያጡት መብት የለም፤ በማዘግየትዎ ግን ነገሩን ያከፉታል።

ይቅርታውን በተመለከተ አገሮች ይለያያሉ። በእንግሊዝና በዌልስ የ2006 የካሳ ሕግ፣ ይቅርታ መጠየቅ ወይም መፍትሔ ማቅረብ ብቻውን ቸልተኝነትን እንደ ማመን አይቆጠርም ይላል። በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በ2006፣ ኦንታርዮ ደግሞ በ2009 ከዚህ የሰፋ ጥበቃ የሚሰጡ የይቅርታ ሕጎች አውጥተዋል። እዚያ ጥፋትን የሚያምን ይቅርታ ጭምር ይጠበቃል። ሆንግ ኮንግም በ2017 የራሷን አውጥታለች። በአሜሪካ ግን የብዙዎቹ ግዛቶች ጥበቃ በአደጋና በሕክምና ጉዳት የተወሰነ ነው። እንዲህ ያለ ሕግ የሌላቸው አገሮችም ብዙ ናቸው። ደንበኞችዎ በየአገሩ ስላሉ ምንም ጥበቃ እንደሌለ አድርገው ይጻፉ። እንዲያ የተጻፈ ኢሜይል የትም ቢሄድ ያው ነው።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦

ርዕስ፦ በዚህ ወር ክፍያዎን ሁለት ጊዜ ቆርጠናል፤ ትርፉን መልሰናል

«ውድ ደንበኛችን፣

በዚህ ወር በ3ኛው ቀን ወርሃዊ ክፍያዎን ከካርድዎ ላይ ሁለት ጊዜ ቆርጠናል። መቆረጥ የነበረበት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስህተቱ የእኛ ነው። ይቅርታ እንጠይቃለን።

ሁለተኛውን ክፍያ ሙሉ በሙሉ ዛሬ ወደዚያው ካርድ መልሰን ልከናል። ከእርስዎ ምንም አይጠበቅም። ገንዘቡ ሒሳብዎ ላይ እስኪታይ፣ እንደ ባንክዎ አሠራር፣ ጥቂት የሥራ ቀናት ሊወስድ ይችላል። በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ካላዩት ለዚህ ኢሜይል ይመልሱልን፤ የተላከበትን ማስረጃ እንሰጥዎታለን።

ሁለት ጊዜ የቆረጠውን አሠራር አቁመናል። ምክንያቱን እያጣራን ነው። የሚቀጥለው ወር ክፍያ ከመቆረጡ በፊት ዝርዝሩን ሰው እንዲያየው አድርገናል።

በዚህ ምክንያት ባንክዎ ቅጣት ጠይቆዎት ከሆነ ማስረጃውን ይላኩልን። እያንዳንዱን ጉዳይ ለብቻው አይተን በጽሑፍ መልስ እንሰጣለን።»

ከሥሩ የአንድ ሰው ስምና የሚሠራ ስልክ ይኑር።

ሸሪክዎ ዓይናቸው መጀመሪያ የሚያርፈው «ስህተቱ የእኛ ነው» የሚለው ላይ ይመስለኛል። እውነት ነው፣ ይህ ዓረፍተ ነገር ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይችላል። የሚያስረዳው ግን የባንክ መዝገቡ ቀድሞ ያስረዳውን ብቻ ነው፤ ሁለተኛውን ክፍያ የቆረጣችሁት እናንተ መሆናችሁን። ቸልተኞች ነበራችሁ አይልም። የኪራይ ቅጣት እንከፍላለን አይልም። ይህን አውጥተው «ችግር አጋጥሟል» ብለው ቢጽፉ በሕግ የሚያተርፉት ነገር የለም። ደንበኛው ግን እየሸሹ መሆኑን በአንድ ንባብ ያውቃል። የተናደደ ደንበኛ ደግሞ ባንኩ ጋ ሄዶ ክፍያውን በክርክር ያስመልሳል። እርስዎ አስቀድመው መልሰው ከሆነ ያንኑ ገንዘብ ሁለት ጊዜ ያጡና እንደገና ለማስመለስ ከባንኩ ጋር ይሟገታሉ። ርዕሱ ላይ «መልሰናል» የሚለው እንዲቀመጥ የፈለግሁትም ለዚሁ ነው።

«ሙሉ ኃላፊነቱን እንወስዳለን» የሚለውን ሆን ብዬ አልጻፍኩም። ልክ የሌለው ዓረፍተ ነገር ነው። የምን ኃላፊነት? የማስመለስ? የኪራይ? ደንበኛው የሚያነበው በሰፊው ነው፤ ጠበቃውም እንዲሁ። ኃላፊነት መውሰድ ከፈለጉ ለምኑ እንደሆነ አብረው ይጻፉ፤ «ገንዘቡን የመመለስና አሠራሩን የማስተካከል ኃላፊነት የእኛ ነው» ቢሉ ቃሉም ሙሉ ነው፣ ድንበርም አለው።

«ዳግመኛ አይደርስም» የሚለውም የለበትም። እሱ ቃል መግባት ነው። በሚቀጥለው ወር አንድ ሰው ላይ እንኳ ቢደገም ያ ኢሜይል ተመልሶ ይመጣብዎታል። ያደረጉትን ይናገሩ፤ የወደፊቱን አይማሉበት። በተመሳሳይ ምክንያት፣ ምርመራው ሳያልቅ ክፍያ የሚያስተላልፍልዎትን ድርጅት ጥፋተኛ አያድርጉ። በኋላ ጥፋቱ ከእናንተው ቅንብር የመጣ ሆኖ ቢገኝ፣ ከደንበኛውም ከድርጅቱም ፊት ቃልዎ ይረክሳል።

ብዙ ድርጅቶች ከኢሜይሉ ሥር «ይህ መልእክት የሕግ ተጠያቂነትን እንደ ማመን አይቆጠርም» የሚል መስመር ይጨምራሉ። አልመክርም። ከላይ ተጠያቂነትን ካላመኑ መስመሩ የሚሠራው ሥራ የለም። ካመኑ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አያድንዎትም። ይቅርታውን ግን ያጠፋዋል። «መብታችን ሳይነካ» ብሎ መጻፍም እንዲሁ ነው። ያ አባባል፣ ሕጋቸው በሚቀበለው አገሮች፣ የሚጠብቀው አንድን ክርክር በስምምነት ለመጨረስ የሚደረገውን ድርድር ነው። ለ340 ሰው የሚላክ ማስታወቂያ ድርድር አይደለም።

አሁን ወደ ኪራዩዋ ደንበኛ እንምጣ። እውነተኛው የሕግ ጥያቄ ያለው እዚህ ነው። የተቆረጠው ትርፍ ገንዘብ አንድ ነገር ነው፤ በእሱ ምክንያት የተከተለው ጉዳት ሌላ ነው። ለሁለተኛው ሕጉ የሚጠይቃቸው ነገሮች አሉ። ቅጣቱ የመጣው በእርግጥ ከዚህ ክፍያ ነው? ወይስ ሒሳቧ ያለዚያም አይበቃም ነበር? እንዲህ ያለ ጉዳት ሊደርስ እንደሚችል መገመት ይቻል ነበር? በውላችሁ ላይ ተጠያቂነትን የሚገድብ አንቀጽ አለ? ቢኖርስ የሸማች ሕጉ ያጸናዋል?

ለእሷ በጅምላው ኢሜይል አይመልሱ፤ ለብቻዋ ይጻፉላት። በዚያ ሳምንት የነበረውን የሒሳብ እንቅስቃሴና የባንኩን የቅጣት ማስታወሻ ይጠይቋት። ሌሎቹን ግብይቶች ሸፍና እንድትልክም ይንገሯት፤ የግል ነገሯን ማየት አያስፈልግዎትም። ከሁለተኛው ክፍያ በፊት የነበራት ቀሪ ሒሳብ ኪራዩን ይሸፍን ከነበረ፣ ከክፍያው በኋላ ግን ካልሸፈነ፣ ነገሩ ግልጽ ነው። እንዲያ ከሆነ የባንኩን ቅጣት ይክፈሉ። «የባንኩን ቅጣት ልንሸፍንልዎ ወስነናል» ብለው መጠኑን ይጻፉ። «ለደረሰብዎ ጉዳት ዕዳ አለብን» ብለው ግን አይጻፉ። በብዙ አገሮች ዕዳን በጽሑፍ ማመን የይርጋውን ጊዜ፣ ማለትም ክስ ማቅረብ የሚቻልበትን ጊዜ፣ እንደገና ያስጀምራል፤ መጠን ሳይጠቀስ ሲሆን ደግሞ የት እንደሚቆም አይታወቅም።

ከፍለው ጉዳዩ እንዲዘጋ ከፈለጉ በሌላ ወረቀት፣ በግልጽ ቋንቋ፣ አንብባ በምትፈርምበት ስምምነት ያድርጉት። በይቅርታ ኢሜይል ውስጥ «ይህን በመቀበልዎ ሌላ ጥያቄ የለዎትም» የሚል መስመር መሸጎጥ ፍትሐዊ አይደለም። ፍርድ ቤትም ብዙ ጊዜ አይቀበለውም። ከቅጣቱ አልፎ «ከቤት ተባረርኩ» የሚል ጥያቄ ከመጣ ደግሞ ምንም ቃል ሳይሰጡ አገሩን የሚያውቅ ጠበቃ ያማክሩ።

ከመላክዎ በፊት የኃላፊነት መድን ካላችሁ ውሉን ያንብቡ። ብዙዎቹ የመድን ውሎች ያለ መድን ሰጪው ፈቃድ ተጠያቂነትን ማመንን ይከለክላሉ። ረቂቁን ልከው ፈቃዳቸውን በጽሑፍ ቢያገኙ ጥሩ ነው። የኪራዩዋን ደንበኛ ቅጣት ከመክፈልዎ በፊት ግን የግድ ይጠይቋቸው። ኢሜይሉም ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ይሂድ። የ340 ሰው አድራሻ በአንድ መስመር ላይ ተደርድሮ ከሄደ፣ የሒሳብ ስህተቱ ላይ የግል መረጃ ማጋለጥ ይጨመርበታል፤ እሱ ከዚህኛው ይከብዳል።

ለሸሪክዎ የማስተላልፈው አንድ ነገር አለ። መከሰስ የሚያሰጋቸው ከሆነ መጠንቀቅ ያለባቸው በሠራተኞች የውስጥ ግሩፕ ላይ የሚጻፈውን ነው። «ይሄ ነገር እንደሚበላሽ ካለፈው ወር ጀምሮ እየተናገርኩ ነበር» የሚል አንድ መልእክት ከማንኛውም ይቅርታ የበለጠ ቸልተኝነትን ያስረዳል። የተጻፈውን ማጥፋት ግን ፈጽሞ አይሞከርም፤ ክስ ይመጣል ተብሎ እየተጠበቀ ማስረጃ ማጥፋት በራሱ ከባድ ጥፋት ነው። ከዛሬ ጀምሮ ምርመራውን አንድ ሰው ይያዘው፤ የሆነውን ብቻ፣ በቀንና በሰዓት ይመዝግብ። የማን ጥፋት ነው የሚለው ክርክር ከጠበቃ ጋር በአካል ይሁን።