ኤምባሲው መልስ እስኪሰጥ የይግባኝ ቀን አይጠብቅም

ለወገኖቻችን በፍርድ ቤትና በፖሊስ ጣቢያ ሳስተረጉም ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ እውነት በእጁ የያዘ ሰው በቀን መቁጠር ስህተት ሲሸነፍ ማየት ነው። ሰዉ ሲበደል መጀመሪያ የሚያስበው ኤምባሲን ነው። ይህ ስህተት አይደለም። ስህተቱ ኤምባሲው ክሱን ይዞልኝ ይሄዳል ብሎ ፍርድ ቤቱን መተው ነው።

አንድ ጉዳይ ልውሰድ። ለማስረዳት ያቀናበርኩት ነው፤ ቁርጥራጮቹን ግን በተለያየ ጊዜ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ።

አንድ ኢትዮጵያዊ በአገር «ሀ» ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። የፋብሪካው ባለቤት የአገር «ለ» ዜጋ የሆነ የውጭ ባለሀብት ነው። ሰባት ወር ደመወዝ አልተከፈለውም፤ ፓስፖርቱንም ሥራ አስኪያጁ ወስዶበታል። ሲጠይቅ ሥራ አስኪያጁ ፖሊስ ጠራበት። ፖሊስ ያለ ክስ 20 ቀን አስሮ ለቀቀው። እሱም ፍርድ ቤት ሄዶ ደመወዙን ጠየቀ፤ የጽሑፍ ውል አላቀረብክም ተብሎ ተረታ። በውሳኔው የመጨረሻ ገጽ ግርጌ፣ በደቃቃ ፊደል፣ «በ30 ቀን ውስጥ ይግባኝ ይቻላል» ይላል።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ሁሉንም በደል አንድ ላይ እንጠቀልለዋለን። ሕጉ ግን ይለያየዋል። ደመወዙን የከለከለው ኩባንያው ነው፤ ኩባንያ ደግሞ መንግሥት አይደለም። ስለዚህ ለተከለከለው ደመወዝ ብቻ አገር «ሀ»ን መክሰስ አይቻልም። እስሩ ግን የፖሊስ ሥራ ነው፤ የፖሊስ ሥራ በቀጥታ የመንግሥት ሥራ ነው። የደመወዙም ጉዳይ ወደ መንግሥት የሚዞርበት መንገድ አለ፦ ፍርድ ቤቶቹ አቤቱታውን አንሰማም ካሉ ወይም ሆን ብለው ፍትሕ ከነፈጉት። አንድ ዳኛ ተሳሳተ ማለት ግን ፍትሕ ተነፈገ ማለት አይደለም፤ ስህተቱን እንዲያርም ነው ይግባኝ ያለው።

የአገር «ለ» ኤምባሲስ? ባለቤቱ የእነሱ ዜጋ ስለሆነ ያግዙኛል ብሎ በራቸውን ያንኳኳ ሰው አውቃለሁ። በዲፕሎማሲያዊ ጥበቃ አንድ አገር የሚቆመው ለራሱ ዜጋ ነው። ሠራተኛው ኢትዮጵያዊ ነው፤ ሊቆምለት የሚችለው የኢትዮጵያ መንግሥት ነው።

ያም ቢሆን የኢትዮጵያ መንግሥት አገር «ሀ»ን ተጠያቂ ለማድረግ ከመነሳቱ በፊት ሠራተኛው እዚያው አገር ያለውን የፍትሕ መንገድ እስከ ጫፍ መሄድ አለበት። የአገር ውስጥ መፍትሔዎችን አሟጦ መጠቀም የሚባለው ይህ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ አገሪቱ በዓለም ፊት ከመጠየቋ በፊት ጥፋቷን በራሷ ፍርድ ቤት የማረም ዕድል ይሰጣታል።

የእኛ ሰው በ10ኛው ቀን ኤምባሲ ሄደ። አቤቱታ ጻፈ። «እንመለከተዋለን» ተባለ። እየጠበቀ 30 ቀኑ አለፈ። አሁን የኢትዮጵያ መንግሥት በሙሉ ልቡ ሊቆምለት ቢፈልግ እንኳ አገር «ሀ» የምትመልሰው አንድ ነገር ነው፦ ይግባኝ ነበረው፣ አልተጠቀመበትም። ቀኑ ያለፈው በራሱ ጥፋት ስለሆነ አሁን መንገዱ ተዘግቷል ማለት አይረዳውም።

መሟጠጥ ያለበት ደረጃው ብቻ አይደለም፤ ማስረጃውም ጭምር ነው። በ1956 እ.ኤ.አ. በተወሰነው የአምባቲዬሎስ ጉዳይ ግሪክ ለዜጋዋ፣ ለአንድ የመርከብ ባለሀብት፣ በእንግሊዝ ላይ ቆማ ነበር። ሰውየው እንግሊዝ ፍርድ ቤት ሲከራከር ወሳኝ የነበረ ምስክር ሳያስጠራ ቀርቷል። የግልግል ጉባኤው በዚህ ምክንያት መፍትሔውን አሟጦ አልተጠቀመም አለ። ስለዚህ የሥራ ባልደረባችሁ ምስክር መሆን ከቻለ ስሙን አስመዝግቡ። እስሩንም ለብቻው ክሰሱበት። በደመወዝ ክስ ውስጥ ስለ እስሩ አንድም ቃል ካልተነሳ፣ ስለ እስሩ የተሟጠጠ ነገር የለም።

ሕጉ ግን ግድግዳ ላይ ጭንቅላታችሁን እንድትመቱ አያዝም። የተባበሩት መንግሥታት የዓለም አቀፍ ሕግ ኮሚሽን በ2006 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው ረቂቅ፣ አንቀጽ 15፣ ልዩ ሁኔታዎችን ይዘረዝራል። ፍርድ ቤቱ ውጤት ሊሰጥ የሚችልበት ምክንያታዊ ተስፋ ከሌለ፣ ወይም በመንግሥቱ ጥፋት ጉዳዩ ከልክ በላይ ከተጓተተ፣ ማሟጠጥ ግዴታ አይሆንም። ሠራተኛው ከአገር ቢባረርስ? ዝም ብሎ አያልቅም። ከውጭ ሆኖ በጠበቃ መከራከር ከቻለ ይሞክር ይባላል። ለዚህ ነው ከመውጣታችሁ በፊት ለምታምኑት ሰው ወይም ለጠበቃ ውክልና ስጡ ብዬ የምወተውተው። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ «ሒሳቤን ጨርሻለሁ» የሚል ወረቀትም ሳታነቡ አትፈርሙ።

የጊኒው ዜጋ የአህመዱ ሳዲዮ ዲያሎ ጉዳይ እዚህ ላይ ይጠቅማል። በዴሞክራቲክ ኮንጎ 32 ዓመት የኖረ ነጋዴ ነበር፤ በጥር 1996 እ.ኤ.አ. ተባረረ። ጊኒ በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ስትከስ ኮንጎ መፍትሔ አላሟጠጠም ብላ ተከራከረች። የተሰጠው ወረቀት ግን «መግባት ተከልክሏል» የሚል ነበር፤ በአገሪቱ ሕግ በእንዲህ ዓይነት ወረቀት ላይ ይግባኝ አይባልም። ባለሥልጣን እንደገና እንዲያይልኝ ብሎ መለመንም ማሟጠጥ ያለበት መፍትሔ አይደለም አለ ፍርድ ቤቱ፤ መለመን መብት አይደለምና። የማባረሪያ ወረቀት ሲሰጣችሁ ርዕሱን ሳይቀር ፎቶ አንሱ የምለው ለዚህ ነው።

ከዚህ ሁሉ የተለየው የቆንስላ ድጋፍ ነው። ይህ ምንም ማሟጠጥ አይጠይቅም። በታሰራችሁበት ቀን «ቆንስላዬ ይነገረው» በሉ፤ በ1963 እ.ኤ.አ. የወጣው የቪየና ስምምነት አንቀጽ 36 ይህን ይደነግጋል። ቆንስላው ሊጎበኛችሁ፣ ጠበቃ እንድታገኙ ሊረዳችሁ፣ ፓስፖርታችሁ ከጠፋ የጉዞ ሰነድ ሊሰጣችሁ ይችላል። በእናንተ ቦታ ቆሞ ይግባኝ ግን አይልም።

ሌላው ጣጣ ዜግነት ነው። በደሉ በደረሰ ቀንም፣ አገራችሁ ጥያቄውን በይፋ ባቀረበች ቀንም ዜጋዋ መሆን ይጠበቅባችኋል። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትፈቅድም፤ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው የኢትዮጵያ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ቢጫ ካርዱ አገር ቤት ብዙ ይጠቅማል፤ በሦስተኛ አገር ለደረሰ በደል ግን ዜግነትን አይተካም። ክርክር ላይ እያላችሁ ፓስፖርት ልትቀይሩ ከሆነ መጀመሪያ ጠበቃችሁን ጠይቁ።

ሁሉንም ብታሟሉም መንግሥት ለእናንተ መቆም ግዴታው አይደለም፤ ምርጫው ነው። ከቆመም ጊዜ ይወስዳል። ጊኒ የዲያሎን ክስ ያቀረበችው በ1998 እ.ኤ.አ. ነው፤ 95,000 ዶላር ካሳ የተወሰነው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። ለሠራተኛችን ደመወዙን ቶሎ ሊያስገኝለት የሚችለው ያው የይግባኝ ፍርድ ቤት ነበር። ውሳኔ በእጃችሁ በገባ ሰዓት የመጨረሻውን ገጽ ገልብጡና ቀኑን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ይግባኙን አስገቡ፣ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ያዙ፣ ከዚያ ያንኑ ቅጂ ይዛችሁ ኤምባሲ ሂዱ።