ተቀንሷል፣ ግን አልገባም፦ እስከ መቼ ልጠብቅ?

«አርብ ማታ ለወንድሜ ወደ ሌላ ባንክ ገንዘብ ላኩለት። ከእኔ ሂሳብ ወዲያው ተቀነሰ፣ እሱ ጋ ግን እስካሁን አልገባም። ድጋሚ ልላክ ወይስ ልጠብቅ?»

ድጋሚ አይላኩ። የመጀመሪያው ገንዘብ ወንድምዎ ጋ ሊገባ የሚችልበት ዕድል ገና አልተዘጋም፤ ሁለተኛውን ከላኩ ሁለቱም ሊገቡ ይችላሉ።

ባንክዎ መጀመሪያ ከሂሳብዎ ይቀንሳል፣ ቀጥሎ መልእክቱን ባንኮቹን ለሚያገናኘው ስዊች ይሰጣል። ስዊቹ ለተቀባዩ ባንክ ያደርሳል፣ ያ ባንክም ገንዘቡን አስገብቶ «ገብቷል» የሚል መልስ በዚያው መንገድ ይልካል። ሲሠራ ሁሉም ነገር በሰከንዶች ያልቃል።

ችግሩ የሚፈጠረው መልሱ ሳይመጣ ሲቀር ነው። ባንክዎ ጥቂት ጠብቆ መልስ ካጣ፣ መልእክቱ ሲሄድ ይጥፋ ወይስ ገንዘቡ ገብቶ መልሱ ብቻ ይጥፋ ሊያውቅ አይችልም፤ ከእሱ በኩል ሁለቱ አንድ ናቸው። በግምት ቢመልስልዎትና ገንዘቡ ወንድምዎ ጋ ገብቶ ቢገኝ፣ ኪሳራው የባንኩ ነው። ስለዚህ ያንን ገንዘብ ይዞ ይቆያል።

የሚፈታው ሂሳብ በማስታረቅ ነው። ባንኩ የስዊቹን የዕለት ዝርዝር ከራሱ መዝገብ ጋር መስመር በመስመር ያመሳስላል። ተቀባዩ ባንክ አስገብቶት ከሆነ እዚያው ይቆያል፣ ካላስገባ ወደ እርስዎ ይመለሳል። ይህን የሚሠሩት ሰዎች ስለሆኑ የሚቆጠረው የሥራ ቀን ነው። አርብ ማታ የተላከ ገንዘብ ብዙ ጊዜ በሰኞ ሥራ ውስጥ ይገባል፤ ቅዳሜና እሁድ ዝም ቢል አይደንግጡ። ማክሰኞ ጠዋት አንዱም ካልሆነ ግን መጠበቅዎን አቁመው ባንክዎ ጋ ይሂዱ፤ የወንድምዎ ባንክ መልእክቱ ካልደረሰው የሚያየው ነገር የለም።

ሲሄዱ «ገንዘቤ ጠፋ» ማለት ብቻ አይበቃም። ቀኑን፣ ሰዓቱን ከነደቂቃው፣ የገንዘቡን መጠንና የግብይቱን የማጣቀሻ ቁጥር ይያዙ፤ ስዊቹ የሚጠቀምበት ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ 12 ቁምፊ ነው። ከዚያም «ይህ ቁጥር በስዊቹ ዝርዝር ላይ አለ? የመልሱ ኮድ ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ። 91 ከሆነ ተቀባዩ ባንክ ወይም ስዊቹ በወቅቱ አልሠራም ማለት ነው፣ ገንዘቡም የመመለስ ዕድሉ ከፍ ይላል። 68 ከሆነ መልሱ ዘግይቷል፤ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ወንድምዎ የሂሳብ መግለጫውን ደግሞ ይመልከት።

የእርስዎንም መግለጫ ይዩ፣ ቀሪ ሂሳቡን ብቻ አይመልከቱ። ተመላሹ የተቀነሰውን መስመር አይሰርዝም፤ ለብቻው ገቢ ሆኖ ስለሚጻፍ በመሃል ሌላ ወጪ ካለ ሳያስተውሉት ያልፋል።

አንድ ነገር ግን አሁኑኑ ያረጋግጡ፦ የጻፉት የሂሳብ ቁጥር። ቁጥሩ የሌላ ሰው ከሆነ ገንዘቡ በትክክል ገብቷል፣ ማስታረቅም አይመልሰውም። ይህ ከሆነ ሰኞን አይጠብቁ፤ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት እንዲያዝ ዛሬውኑ ለባንክዎ ያመልክቱ።