በሁለት ነጥብ ብቻ ነው ያለፍኩት

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ስለ እርግዝና ስኳር ምርመራ ናቸው። ቁጥሮቹ በሙሉ በሚሊግራም በዴሲሊትር ናቸው።

«26ኛ ሳምንቴ ነው። በባዶ ሆዴ 94፣ ግሉኮሱን ከጠጣሁ ከአንድ ሰዓት በኋላ 168፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ 139 መጣ። ሁለቱ ደህና ሆነው እንዴት የእርግዝና ስኳር አለብሽ እባላለሁ?»

እህቴ፣ ትባያለሽ። 75 ግራም ግሉኮስ ተጠጥቶ በሚሠራው ምርመራ መስመሮቹ ሦስት ናቸው፤ በባዶ ሆድ 92፣ በአንድ ሰዓት 180፣ በሁለት ሰዓት 153። ከሦስቱ አንዱ ላይ መድረስ ይበቃል። አማካይ የሚባል ነገር የለም። የሁለቱ ማማር ሦስተኛውን አያካክስም።

«ለሁለት ነጥብ ብለው?» እንደምትዪ አውቃለሁ። እውነቱን ለመናገር በ91 እና በ92 መካከል ገደል የለም። እ.ኤ.አ. በ2008 ውጤቱ የወጣው ሃፖ የተባለው ጥናት ከ23 ሺህ በላይ ነፍሰ ጡሮችን ተከታትሎ ያገኘው ይህንኑ ነው። የእናትየው ስኳር ከፍ ባለ ቁጥር ልጁ ከመጠን በላይ የመተለቁ ዕድል ቀስ እያለ ይጨምራል እንጂ፣ ድንገት የሚጀምርበት ቦታ የለውም። ባለሙያዎቹ የሆነ ቦታ ማስመር ነበረባቸው፤ አሰመሩ።

ያንቺ ቁጥር ግን የሚናገረው ነገር አለ። ሌሊት ስንተኛ ስኳር ወደ ደም የሚለቀው ጉበት ነው። ልጓሙን የሚይዘው ደግሞ ኢንሱሊን ነው። እርግዝናው እየገፋ ሲሄድ የእንግዴ ልጁ የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች ኢንሱሊንን ያደክሙታል። ያንቺ ሰውነት የጠጣሽውን ስኳር በደንብ ችሎታል፤ የላላው የሌሊቱ ልጓም ነው። የባዶ ሆድ ቁጥር ደግሞ ምግብ በማስተካከል ብቻ አልወርድ የሚልበት ጊዜ ስላለ፣ የጠዋቱን ልኬት አትዝለዪ።

አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ልንገርሽ። ቤት ስትለኪ የሚሰጥሽ ግብ በአብዛኛው በባዶ ሆድ ከ95 በታች ነው። ማለትም በምርመራው «አለብሽ» ያሰኘሽ 94፣ በክትትሉ ጊዜ «ጥሩ ነው» ሊባል ይችላል። ስህተት አይደለም። አንዱ መለያ ነው፣ ሌላው የሕክምና ግብ። ስለዚህ 94 ማለት ነገ ኢንሱሊን ትጀምሪያለሽ ማለት አይደለም። የባዶ ሆዱ 126 ቢሆን ኖሮ ግን ወሬው ሌላ ነበር፤ ያኔ ከእርግዝናው በፊትም የነበረ ስኳር ይጠረጠራል።

«ጓደኛዬ ሌላ ሐኪም ጋ አንድ ቁጥር አልፋ ደህና ነሽ ተባለች። ማን ነው የተሳሳተው?»

ማንም ላይሆን ይችላል። የጠጣችው 100 ግራም ከሆነ ምርመራው ሌላ ነው። ደሙ አራት ጊዜ ይቀዳል፤ መስመሮቹ በብዙ ቦታ 95፣ 180፣ 155 እና በሦስተኛው ሰዓት 140 ናቸው። እዚያ በተለምዶ ሁለት ቁጥር ማለፍ ያስፈልጋል። የእሷን ወረቀት ካንቺ ጋር ከማስተያየትሽ በፊት ስንት ግራም እንደጠጣች ጠይቂያት።

«ጠጥቼ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አስመለሰኝ። ቀጥዪ ብለውኝ ጨረስኩ። ውጤቱን ልመነው?»

አትመኚው። ስኳሩ ከሆድሽ ከወጣ የአንድና የሁለት ሰዓቱ ቁጥር ዝቅ ብሎ «ነጻ ነሽ» ሊልሽ ይችላል። ከመጠጣትሽ በፊት የተቀዳው የባዶ ሆዱ ግን አልተበላሸም፤ 92 ከደረሰ ራሱን ችሎ ይቆማል። ስትደግሚው ቢያንስ ስምንት ሰዓት ጹሚ፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ጨርሺው፣ ሰዓቱም የሚቆጠረው መጠጣት ከጀመርሽበት ነው። እስኪያልቅ ቁጭ በይ። «እስኪደርስ ትንሽ ልንሸራሸር» የምትል ብዙ አለች፤ እግር ሲሠራ ጡንቻ ስኳሩን ይወስደዋል።

«ባለቤቴ የእርግዝና ስኳር አለባት። ልጃችን ስኳር ይዞት ይወለዳል? እሷስ በዚያው ትቀራለች?»

ወንድሜ፣ ልጁ ስኳር ይዞት አይወለድም። የእናት ስኳር በእንግዴ ልጁ በኩል ያልፋል፤ ኢንሱሊኗ ግን አያልፍም። ስለዚህ የልጁ ቆሽት የራሱን ኢንሱሊን በብዛት ያመርታል፤ ያ ነው የሚያወፍረው። እትብቱ ሲቆረጥ ስኳሩ ይቆማል፣ ኢንሱሊኑ ግን ገና አለ። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከተረከዙ ጠብታ ደም እየወሰዱ የሚለኩት ስኳሩ እንዳይወርድበት ነው። ቶሎ ጡት ይያዝ።

ባለቤትህን በተመለከተ፣ የእንግዴ ልጁ ሲወጣ ብዙዎቹ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። ሁሉም ግን አይደሉም። ከወለደች ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ 75 ግራሙን ደግማ ትጠጣ። ያኔ መስመሮቹ ይለወጣሉ፤ ስኳር በሽታ የሚባለው በባዶ ሆድ ከ126፣ በሁለት ሰዓት ከ200 ጀምሮ ነው። በሕፃኑ ክትባት ግርግር የሚረሳው ቀጠሮ ይሄ ነውና፣ አስታዋሹ አንተ ሁን።